የማኅበር ስም፣ የንግድ ስምና የንግድ ምልክት፤ ባለመብቱንና ባለዕዳውን ለይቶ ስለ መጥራት

ስለ ንግድ ተቋማት በሚጻፉ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ውስጥ «ድርጅት» የሚለው ቃል ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ይታያል። በአንድ ገጽ ላይ የውል ተዋዋዩን፣ የሱቁን ሰሌዳ፣ የሸቀጡን መለያና አንዳንዴም ሕንፃውን ያመለክታል። በዕለት ንግግር ይህ ብዙ አይጎዳም። ጥናቱ ግን ማን ፈቃድ እንደ ተሰጠው፣ ማን እንደ ተበደረ ወይም ማን እንደ ተከሰሰ ሲጠይቅ ቃሉ ጉዳዩን ይሸፍነዋል፤ ምክንያቱም ሦስት የተለያዩ ስሞች ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚጠሩ ነው።

የመጀመሪያው የማኅበሩ ስም ነው። በንግድ መዝገብ የሰፈረ፣ የማኅበሩን ዓይነት የሚገልጽ ቃል («አክሲዮን ማኅበር»፣ «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር») የሚከተለው፣ የሕግ ሰውነት ያለውን አካል የሚጠራ ስም ነው። ሁለተኛው የንግድ ስም ነው፤ ነጋዴው ሥራውን የሚያካሂድበትና ሕዝብ የሚያውቀው ስም ሲሆን፣ ነጋዴው ማኅበርም ግለሰብም ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው የንግድ ምልክት ነው፤ የአንዱን ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው የሚለይ ቃል፣ ሥዕል ወይም የሁለቱ ጥምር ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ሥር ሲመዘገቡ፣ ሦስተኛው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል። በአንደኛው መዝገብ መግባት በሌላው መብት አያስገኝም። በምርት ላይ ያለ ቃል የአምራቹ ሕጋዊ ስም ነው ብሎ መገመትም ሆነ፣ የተመዘገበ ማኅበር ስሙን በንግድ ምልክትነት ብቻውን ይዞታል ብሎ መደምደም ከዚሁ የሚነሣ ስሕተት ነው።

ልዩነቱን ከትርጓሜ ይልቅ በአንድ ታዋቂ መለያ ላይ መከታተል ይሻላል። ኤም-ፔሳ በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ነው። በኬንያ ያለ ደንበኛ ኤም-ፔሳን ሲጠቀም አገልግሎቱን የሚሰጠው ሳፋሪኮም ፒኤልሲ የተባለው፣ አክሲዮኑ በናይሮቢ ገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ነው። በኢትዮጵያ ግን ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ፈቃድ የሰጠው ለሌላ ማኅበር ነው፤ ስሙ ሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ ሞባይል ፋይናንሺያል ሰርቪስስ ሲሆን፣ የሳፋሪኮም ቴሌኮሙኒኬሽንስ ኢትዮጵያ ቅርንጫፍ ኩባንያ ነው። የስልክ መስመሩን የሚያቀርበው እናት ኩባንያው ነው፤ የገንዘብ አገልግሎቱ ባለፈቃድ ደግሞ ልጁ ነው። መለያው ራሱ በፊት የቮዳፎን ንብረት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሳፋሪኮምና ቮዳኮም በጋራ ባቋቋሙት ድርጅት አማካይነት ገዝተውታል። እንግዲህ «ኤም-ፔሳ በኢትዮጵያ» የሚል ርእስ ያለው ጥናት ቢያንስ ሦስት የሕግ ሰዎችን በአንድ ቃል ይጠራል። የመለያው ባለመብት፣ የክፍያ ፈቃዱ ባለቤትና የቴሌኮም ፈቃዱ ባለቤት አንድ አይደሉም። አጥኚው «ኩባንያው ያገኘው ትርፍ» ሲል የየትኛውን የሒሳብ መግለጫ እንደ ጠቀሰ አንባቢ ሊያውቅ አይችልም።

ከዚህ ጎን ቴሌብርን ቢያስቀምጡት ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ሥራ ሲጀምር የኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎት መለያ ሆኖ ነው የወጣው፤ ከበስተ ጀርባው ራሱን የቻለ የቴሌብር ማኅበር አልነበረም። ስለዚህ በገበያ ላይ እኩያ መስለው የሚወዳደሩት ሁለት ቃላት በሕግ ዓይን እኩያ አይደሉም፤ አንዱ የነባር ተቋም አገልግሎት ስም ሲሆን፣ ሌላው ለብቻው በተቋቋመ ማኅበር ስም ውስጥ የገባ መለያ ነው። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ «ኩባንያ» በሚል ዐምድ ሥር አሰልፎ ካፒታላቸውን የሚያነጻጽር ተማሪ የማይነጻጸሩትን ያነጻጽራል።

የተገላቢጦሹም አለ፤ አንድ ቃል ሁለት የማይዛመዱ ተቋማትን ይጠራል። ዳሽን ባንክና ዳሽን ቢራ የተራራውን ስም ይጋራሉ እንጂ አንዱ የሌላው ክፍል አይደለም። የተራራ፣ የወንዝና የከተማ ስም በምንወድበት አገር፣ በስም መመሳሰል ብቻ «የዳሽን ግሩፕ» ብሎ መሰብሰብ የመረጃ ስብስብን ያበላሻል። በኮምፒውተር ስም ከስም የሚያዛምዱ አጥኚዎች በተለይ ሊጠነቀቁ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ምሕጻረ ቃልም የራሱ ወጥመድ አለው። በኢትዮጵያ በእንግሊዝኛ «ፒኤልሲ» ተብሎ የሚጻፈው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ነው። በእንግሊዝና በኬንያ ግን ያው ምሕጻረ ቃል አክሲዮኑን ለሕዝብ ማቅረብ የሚችል ኩባንያን ያመለክታል። ከላይ የጠቀስነው የናይሮቢው ሳፋሪኮም ፒኤልሲ እና የአዲስ አበባው ሳፋሪኮም ቴሌኮሙኒኬሽንስ ኢትዮጵያ ፒኤልሲ በፊደል አንድ፣ በዓይነት ግን ተቃራኒ ናቸው። የእንግሊዝኛ ሰነድ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ምሕጻረ ቃሉን ሳይሆን የተመዘገበበትን አገር ሕግ አይቶ «የግል ማኅበር» ወይም «አክሲዮን ማኅበር» ማለት አለበት። በተቻለ መጠን ከአማርኛው የመመሥረቻ ጽሑፍ መጀመር ይሻላል።

ስሕተቱ ከወረቀት አልፎ ሰውን የሚጎዳው በሥራ ክርክር ላይ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ፤ የታሰበ ነው፣ ግን የሩቅ አይደለም። አንዲት ሠራተኛ በምልክት ሰሌዳው ላይ የወፍ ስም በተጻፈበት ካፌ ለአራት ዓመት ሠርታ ትሰናበታለች። የቅጥር ደብዳቤዋ ማኅተም የወፏን ሥዕልና ስም ብቻ የያዘ ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሦስት ወር ይርጋ ይታገዳል፤ እርሷም በሁለተኛው ወር ማብቂያ ካፌውን በሰሌዳው ስም ትከስሳለች። መልስ ሰጪው ቀርቦ «በዚህ ስም የተመዘገበ የሕግ ሰው የለም» የሚል መቃወሚያ ያነሣል።

መቃወሚያው ሁልጊዜ አሸናፊ አይደለም። የሥራ ሕጉ አሠሪን ሲተረጉም «ሰው ወይም ድርጅት» ይላል፤ ድርጅትንም የንግድ፣ የኢንዱስትሪ ወይም ሌላ ሥራ ለማካሄድ በአንድ አመራር ሥር የተቋቋመ አካል አድርጎ ያየዋል። የተለየ አመራር ነጻነት ያለው ቅርንጫፍ እንኳ ራሱን እንደ ቻለ ድርጅት ሊቆጠር ይችላል። ይህ ትርጓሜ ከንግድ ሕጉ የሰፋ ነው፤ በእኔ ግምትም ሆን ተብሎ የሰፋ ነው፤ ሠራተኛ የአሠሪውን የመዝገብ ስም እንዲያውቅ መጠበቅ አስቸጋሪ ነውና። ይሁን እንጂ ክርክሩ ቀናትን ይበላል፤ ክሱ ተሻሽሎ ሌላ ስም ሲገባም «ይህኛው ተከሳሽ የተጠራው ከሦስት ወር በኋላ ነው» የሚል የይርጋ ሙግት ይከተላል።

ብታሸንፍም ጣጣው አያበቃም። ፍርዱ በወፏ ስም ተጽፏል እንበል። አፈጻጸም ሲጠየቅ ባንክ በዚያ ስም ሒሳብ የለም ይላል፤ የኪራይ ውሉ በሌላ ስም ነው፤ የቡና ማፍያው ማሽን የተገዛበት ደረሰኝም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው ጥያቄ ከንግድ ስሙ ጀርባ ያለው ማን ነው የሚለው ነው። ግለሰብ ነጋዴ ከሆነ በመላ ንብረቱ ይጠየቃል፤ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ የሚጠየቀው የማኅበሩ ንብረት ነው፣ አባላቱም በመርሕ ደረጃ ካዋጡት አያልፉም። በሰሌዳው ላይ ያለው የወፍ ስም ይህን ፈጽሞ አይናገርም። ለሁለቱም ዓይነት ባለቤት እኩል ያገለግላል።

ለይቶ ማወቂያው መንገድ ሩቅ አይደለም። ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚወጣውን ደረሰኝ ማየት ጥሩ መነሻ ነው። ከደረሰኙ ራስጌ ዐሥር አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይገኛል፤ ከእርሱ ጋር የሚታተመውም የግብር ከፋዩ ስም ነው፣ ብዙ ጊዜ በሰሌዳው ላይ ካለው የተለየ። ቁጥሩ ከስሙ የሚበልጥበት ምክንያት አለ፤ ስም በፊደል አጻጻፍ፣ በትርጉምና በምሕጻር ይለዋወጣል፣ ቁጥሩ ግን በሁለት ሰነዶች ላይ ሲገኝ አንድ ሰው መሆኑን ያሳያል። ያን ቁጥር ይዞ በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የድረ ገጽ አገልግሎት (etrade.gov.et) ላይ ምዝገባውንና ፈቃዱን መፈለግ ይቻላል። በምሳሌያችን ያለችው ሠራተኛ አንድ የማኪያቶ ደረሰኝ ቀድማ ይዛ ቢሆን ኖሮ፣ ክሱ «እገሌ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ በንግድ ስሙ እንዲህ ተብሎ የሚታወቀው» ተብሎ ሁለቱንም ስሞች አጣምሮ በጊዜው ይጻፍ ነበር። ለጥናትም የምመክረው ይህንኑ አጻጻፍ ነው፤ በመጀመሪያው መጠቀስ ላይ የመዝገቡን ስም ከነዓይነቱ መጻፍ፣ ከዚያ በኋላ የሚታወቅበትን ስም መጠቀም።

ጊዜም መታየት አለበት። ማኅበር ስሙን ሲለውጥ ሰውነቱ አይለወጥም፤ ፌስቡክ ኢንክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ሜታ ፕላትፎርምስ ኢንክ ሲባል ዕዳውም ውሉም እንዳለ ቀጥሏል፣ «ፌስቡክ» ደግሞ የአገልግሎት መለያ ሆኖ ቀርቷል። በአንጻሩ የንግድ መደብር ሲሸጥ የንግድ ስሙ የመደብሩ አንድ ክፍል ሆኖ ለገዢው ሊተላለፍ ይችላል፤ ሰሌዳው ባለበት ሳለ ከጀርባው ያለው ሰው ተለውጧል ማለት ነው። የዐሥር ዓመት መረጃ የሚሰበስብ አጥኚ በሰሌዳው ስም ብቻ ከተከታተለ የፊተኛውን ጉዳይ ሁለት ኩባንያ፣ የኋለኛውን አንድ ኩባንያ አድርጎ ይቆጥራል፤ ሁለቱም የተገላበጡ ናቸው። ስለዚህ በእያንዳንዱ መረጃ ጎን ምዝገባው የታየበት ቀን ይጻፍ።

መዝገቡም የማይመልሰው ጥያቄ አለ። የሕግ ሰውን ማንነት ይነግራል እንጂ፣ መለያውን በፈቃድ የሚጠቀም ይሁን ወይም ባለቤት፣ ሥራውን ራሱ የሚመራ ይሁን ወይም በአስተዳደር ውል ለሌላ የሰጠ አይገልጽም። የውጭ መለያ በተሰቀለበት ሆቴል ሕንፃው የአንዱ፣ አስተዳደሩ የሌላው፣ ስሙ የሦስተኛው ሊሆን ይችላል፤ ያን ለማወቅ ውሎቹን ራሳቸውን ማግኘት ያስፈልጋል፣ እነርሱ ደግሞ እንደ ንግድ መዝገብ ለማንም ክፍት አይደሉም።