በጥቂት ቍጥር ተመርቶ የቪዲዮ ማስታወቂያን ዐይነት ስለ መለወጥ

ከአንድ ጆንያ አንድ እፍኝ ብቻ ዘግኖ የመቶ ኩንታል ቡና ዋጋ የሚቈርጥ ነጋዴ የለም። ዕቃውን በቪዲዮ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ግን ይህን ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። ስለዚህ እውነተኛውን ልዩነት ከአጋጣሚው ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል ሒሳብ ከዚህ ቀጥሎ እናቀርባለን።

አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ በዩቲዩብ ሁለት ዐይነት ቪዲዮ ያወጣል እንበል። በመጀመሪያው ሻጩ ስለ ጨርቁ ጥራት ያስረዳል፤ በሁለተኛው ጨርቁ ብቻ በሙዚቃ ታጅቦ ይታያል። የእያንዳንዱ ቪዲዮ ሥዕልና ርእስ ለተመልካቾች 200 ጊዜ ሲቀርብ፣ የመጀመሪያው 10 ጊዜ፣ ሁለተኛው 16 ጊዜ ተከፈተ። ይኸውም 5 ከመቶና 8 ከመቶ ነው። ነጋዴውም ይህን አይቶ ገላጩን ለማሰናበትና ለዓመቱ በሙሉ የሙዚቃውን ዐይነት ለማሠራት ውል ሊፈርም ይነሣል።

ከመፈረሙ በፊት ግን መቶኛውን ትቶ የተከፈተበትን ብዛት ይመርምር። 10 እና 16 ሲደመሩ 26 ይሆናሉ። በራሱ ሲባዛ 26 የሚሰጠው ቍጥር 5.1 ያህል ነው፤ ይህም በ2 ሲባዛ 10.2 ይሆናል። በሁለቱ ቪዲዮዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን 6 ብቻ ነው። ልዩነቱ ከ10.2 ስለሚያንስ እንደ ማስረጃ አይቈጠርም፤ ቪዲዮዎቹ በተወዳጅነት እኩል ቢሆኑ እንኳ፣ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ መራራቅ ከአራት ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል በአጋጣሚ ይደርሳል።

እያንዳንዱ 2,000 ጊዜ ቀርቦ 100 እና 160 ጊዜ ቢከፈት ኖሮ፣ መቶኛው ያው ሆኖ ሳለ ፍርዱ ይለወጥ ነበር። የ260 ሒሳብ 32 ያህል ሲሰጥ ልዩነቱ 60 ነውና፣ በአጋጣሚ የመጣ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ይህ ሒሳብ የሚሠራው ሁለቱ ቪዲዮዎች የቀረቡበት ብዛት እኩል ወይም ተቀራራቢ ሲሆንና የተከፈቱበት ብዛት ከቀረቡበት ጥቂቱ ክፍል ሲሆን ነው። ተመልካቾቹም አንድ ዐይነት መሆን አለባቸው። ቪዲዮው ለነባር ደንበኞች ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ይከፈታል፤ ወደማያውቁት ሰዎች ሲዘልቅ መቶኛው ይቀንሳል። ስለዚህ የሦስት ቀኑን ከሦስት ወሩ ጋር ማነጻጸር ያሳስታል።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ነገር ግን ሌላ ነው። አንድ ቪዲዮ 2,000 ጊዜ ቢቀርብም ከአንድ ጆንያ ብዙ እፍኝ እንደ መዝገን ነው፤ ስለዚያ ቪዲዮ እንጂ ስለ ዐይነቱ አይመሰክርም። የጨርቁ ቀለም ወይም የበዓል መቃረብ አንዱን ከፍ አድርጎት ይሆናል። ስለዚህ ነጋዴው ስለ ተመሳሳይ ጨርቅ ከእያንዳንዱ ዐይነት ስድስት ቪዲዮ አሠርቶ፣ ጥንድ ጥንድ አድርጎ በየሳምንቱ ያውጣ፤ ሁሉንም በወጡ በ7ኛው ቀን ይመዝግብ። በስድስቱም ጥንዶች አንዱ ዐይነት ቢበልጥ፣ ይህ በአጋጣሚ የሚደርሰው ከ32 ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነውና ውሉን ለመፈረም በቂ ምክንያት አለው። ሦስቱ ወዲህ ሦስቱ ወዲያ ቢሆኑ ግን ገላጩን ሊያሰናብት የሚያበቃ ምክንያት አላገኘም።