ምዕራፍ 7፦ ቀለሙን ከመግዛትዎ በፊት ወለሉን ይመርምሩ

በባቱና በአርሲ ነገሌ መካከል ባለችው ቡልቡላ ጋራዥ የሚከፍት ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር የአገሩ አቧራ ነው። በዚህ የስምጥ ሸለቆ ክፍል አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ የበዛበት ነው። ፑሚስ ሲደቅ ደግሞ ስለታም የብርጭቆ ብናኝ ይሆናል፤ ከኤፖክሲም ከቪኒልም ይጠነክራል። ከጎማና ከጫማ ጋር ገብቶ ሲታሽ ሁለቱንም ይፍቃል። አዲስ ሳለ መስታወት የመሰለ የኤፖክሲ ወለል በር በሩ አካባቢ ቀድሞ የሚደበዝዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው አቧራ ከራሱ ከወለሉ የሚነሳው ነው። ኮንክሪቱ ሲቦካ ውሃ በዝቶበት ከነበረ፣ ወይም ግንበኛው ውሃው ገና ላዩ ላይ ሳለ ደረቅ ሲሚንቶ ነስንሶ ሊሾ ከሠራ፣ ላይኛው ቆዳ ደካማ ይሆናል። የቡልቡላ ፀሐይና ነፋስም ሰባት ቀን ያህል በእርጥብ ጆንያ ያልተሸፈነን ኮንክሪት ቶሎ አድርቀው ያንኑ ቆዳ ያዳክሙታል። በሚስማር ጫር ያድርጉት። ስስ ነጭ መስመር ብቻ ከታየ ደህና ነው፤ ዱቄት እየወጣ ቦይ ከተበጀ ግን በላዩ የሚቀባው ሁሉ ከቆዳው ጋር ተያይዞ ይነሳል።

አሥር ሜትር በአሥራ ሁለት የሆነ ጋራዥ እንውሰድ። ሙሉውን 120 ካሬ በአንድ ዓይነት ወለል መሸፈን ገንዘብ ማባከን ነው እላለሁ። 90 ካሬ ያህሉ መኪና የሚነሳበትና ብየዳ የሚሠራበት ነው፤ 18ቱ የባትሪና የእጥበት ጥግ፣ 12ቱ የመለዋወጫ ክፍልና ቢሮ ነው።

ለ90ው ካሬ የምመርጠው የተወለወለ ኮንክሪት ነው። የአልማዝ ዲስክ ባለው የወለል መፍጫ ደካማው ቆዳ ተልጦ ጠንካራው ክፍል ይወጣል፤ ከዚያ ፈሳሽ ሲሊኬት ይጠጣል። ሲሊኬቱ በኮንክሪቱ ውስጥ ካለው ነፃ ኖራ ጋር ተዋህዶ ቀዳዳዎቹን ስለሚሞላ ወለሉ ዱቄት መስጠቱን ያቆማል። የሚላጥ ሽፋን የለውም፤ ክሪክ ቢጎተትበት፣ የብየዳ ፍንጣሪ ቢወድቅበት ግድ የለውም። ብልጭታውን ግን አይመኙ፤ ዘይት ሲፈስበት ያንሸራትታልና 400 ቁጥር ዲስክ ላይ ማቆም ይበቃል። ድክመቱ አሲድ ነው። የባትሪ አሲድ ኖራውን እየበላ ወለሉን ያሻክረዋል፤ ሲሊኬት ይህን አያስቀርም።

ኤፖክሲው የሚያስፈልገው ለዚያ የ18 ካሬ ጥግ ነው። ከመቀባቱ በፊት አንድ ሌሊት የሚወስድ ፍተሻ አለ። 45 ሴንቲ ሜትር በ45 የሆነ ግልጽ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፈው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉት፤ ቢያንስ ከ16 ሰዓት በኋላ ይግለጡት። ከሥሩ ጠብታ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ እርጥበት ከታች እየወጣ ነው። እንዲህ ያለው ወለል ላይ የተቀባ ኤፖክሲ ያብጥና ይላጣል። ቀጥሎ ጥቂት ውሃ ጠብ ያድርጉ። ውሃው ሳይሰርግ እንደ ዶቃ ከቆመ ዘይት ገብቶበታልና ገና መታጠብና መፈግፈግ አለበት።

ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ለ18 ካሬ 9 ሊትር ይፈጃል፤ ብክነቱ ሲታከል 10 ሊትር ይያዙ። ይህ ማቅጠኛ ላልገባበት ኤፖክሲ የሚሆን ሒሳብ ነው። ሻጩ «ሦስት ሊትር ይበቃዎታል» ካለ የሚሸጥልዎ ተራ ቀለም ነው። ጠዋት ኮንክሪቱ እየሞቀ ሲሄድ በውስጡ ያለው አየር ተለጥጦ በሽፋኑ ላይ አረፋ ያወጣል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ወለሉ መቀዝቀዝ ሲጀምር ይቀቡ። በአንድ ጊዜ ብዙ አይቀላቅሉ፤ በባልዲ የቆየ ውሑድ በራሱ ሙቀት ይግልና ይጠጥራል። የፍሬን ዘይት ተራውን ኤፖክሲ ስለሚያለሰልሰው ወዲያው ይጠረግ፤ የፈሰሰ የባትሪ አሲድ ላይ ደግሞ መፍላቱ እስኪያቆም ቤኪንግ ሶዳ ይነስንሱ።

ቪኒል ለቢሮውና ለመለዋወጫው ክፍል ይበቃል፤ ለእግር ይመቻል፣ ለማጽዳት ይቀላል። ወደ መሥሪያው ግን አይውጣ። ፍንጣሪ ያቃጥለዋል፣ ጎማ የማይለቅ ቡናማ እድፍ ይተውበታል፣ የሚፈስበት ማሟሚያም ያለሰልሰዋል። በመገጣጠሚያው የገባው ብናኝ ከሥሩ ተኝቶ ይፈጨዋል።

ሠራተኛ ሲይዙ አንድ ነገር በጽሑፍ ያስገቡ፦ ኤፖክሲው ከኮንክሪቱ ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ በመቁረጫ ዲስክ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ይቆረጥ፣ ኤፖክሲውም ቦዩ ውስጥ ገብቶ ይለቅ። ጠርዙ ከላይ ብቻ ተለስኖ ከቀረ ጎማ እየነካው ይነሳል፤ መላጡም ከዚያ ይጀምራል።