የጾምና የበዓል ጊዜ በሥራ ቦታ፦ የስብሰባ ቀንና ሰዓት እንዴት ይወሰን?



ብዙዎቻችን የሳምንቱን አብዛኛውን ጊዜ የምናሳልፈው ከኦርቶዶክሳውያን፣ ከሙስሊሞችና ከወንጌላውያን ወንድሞችና እኅቶች ጋር አብረን በመሥራት ነው። በቁምስናዎቻችን ሥር በሚገኙ ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮችና የልማት ጽሕፈት ቤቶች ውስጥም ሁኔታው ይኸው ነው። በእነዚህ ቦታዎች ከመካከላችን አንዳንዶቹ የክፍል ኃላፊዎች ስለሆኑ ስብሰባ የመጥራት ሥልጣን አላቸው። የሕዝብ በዓላትን ሕግ ያስከብራቸዋል፤ የጾምን ወራት ግን የሚያከብረው ወይም የሚዘነጋው ቀንና ሰዓት ቆራጩ ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የምናየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ማንም ሠራተኛ «እኔ ጾመኛ ነኝ» ብሎ ፈቃድ ለመጠየቅ ሳይገደድ የሚሳተፍበትን የስብሰባ መርሐ ግብር እንዴት ማውጣት እንደሚቻል ነው።

፩. ጾሙ በየእምነቱ የተለያየ ነው

«ሁሉም ጾመኛ ነው» ብሎ በአንድነት ማሰብ ወደ ስሕተት ይመራል፤ የአንዱ ጾም ከሌላው የሚለየው በሰዓቱም በዓይነቱም ነውና።

በዐቢይ ጾም ወይም በሁዳዴ ኦርቶዶክሳዊው ጾመኛ ለ55 ቀናት ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይከለከላል። ከዚህም ሌላ በሥራ ቀናት ብዙዎች እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ እህልም ውኃም አይቀምሱም፤ ከቀትር በኋላ የሚቀደሰውን ቅዳሴ ለማስቀደስ የሚሄዱም አሉ። ስለዚህ በ6 ሰዓት ተኩል የሚቀርብ ምሳ የጾም ምግብ ቢሆንም እንኳ ለእነርሱ ሰዓቱ ገና ነው። ከ7 እስከ 9 ሰዓት ያለው ጊዜም የቅዳሴ ወይም የድካም ሰዓት ነው።

በረመዳን የሚጾመው ሙስሊም ደግሞ ከንጋት አስቀድሞ ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ አይበላም፣ አይጠጣምም። በአገራችን ይህ ጊዜ በየካቲትና በመጋቢት ከ13 ሰዓት በላይ ይሆናል። ሌሊት ለሱሑር ተነሥቶ የበላ ሰው በጧቱ ሥራ ብርቱ ነው፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ግን ጥሙ ይበረታበታል። ማፍጠሪያው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሆነ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚያበቃ ስብሰባ ሰውየውን ከቤተሰቡ ማዕድ ሊያስቀረው ይችላል።

እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ለሁሉም የሚስማማው ጊዜ ግልጽ ይሆንልናል፤ እርሱም ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ያለው ነው። ምክርና ውሳኔ የሚጠይቀውን ሥራ በዚህ ጊዜ ማድረግ፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ለጽሕፈትና ለተለመደው ሥራ መተው ይበጃል።

፪. አስቀድሞ የሚታወቀውና የማይታወቀው ቀን

የሁዳዴና የፋሲካ ዕለት በባሕረ ሐሳብ ስለሚሰላ ከብዙ ዓመት በፊት ይታወቃል። በግዕዝ ሥርዓት የምንመራ ካቶሊካውያንም ፋሲካን የምናከብረው በዚሁ ዕለት ነው። ረመዳን ግን የጨረቃን ወር ስለሚከተል በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ይቀድማል፤ መጀመሪያውና መጨረሻውም ጨረቃ በመታየቷ ይረጋገጣል። ወሩ 29 ወይም 30 ቀን ስለሚሆን የዒድ አልፈጥር ዕለት በዋዜማው ምሽት ድረስ ላይታወቅ ይችላል። ስለዚህ የስብሰባ መርሐ ግብር የሚያወጣ ሰው ለዒድ አንድ ቀን ሳይሆን ሁለት ተከታታይ ቀናት ነጻ አድርጎ መተው አለበት።

ያለፈውን ዓመት መርሐ ግብር እንዳለ መገልበጥም አይገባም። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ስለገቡ ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ጀመሩ። በ2019 ዓ.ም. ግን ሁዳዴ የሚገባው የካቲት 29 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ረመዳን ሊፈጸም የቀረው አንድ ወይም ሁለት ቀን እንደሚሆን በስሌት ይጠበቃል። በ2017 አንድ የነበረው የጾም ወቅት በ2019 ሁለት ተከታታይ ወቅቶች ይሆናል ማለት ነው።

ከዓመታዊዎቹ በተጨማሪ በየሳምንቱ የሚመለሱ ቀናት አሉ። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀናት ናቸው። ዓርብ በቀትር የሙስሊሞች የጁምዓ ጸሎት አለ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ የቀትር ዕረፍት ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል የተራዘመው ለዚህ ጸሎት የሚበቃ ጊዜ እንዲኖር ነው። የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ምእመናን ሰንበትም ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ገብቶ ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወጣል።

፫. አንድ ምሳሌ

ነገሩን በተግባር ለማየት እንዲረዳን 12 ሠራተኞች ያሉት አንድ የልማት ጽሕፈት ቤት እናስብ። ሰባቱ ኦርቶዶክሳውያን፣ ሁለቱ ካቶሊካውያን፣ ሁለቱ ሙስሊሞች፣ አንዱ አድቬንቲስት ናቸው እንበል። ጽሕፈት ቤቱ በ2017 ዓ.ም. ሳምንታዊ ስብሰባውን ረቡዕ ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ለማድረግ፣ አንድ ሥልጠና ደግሞ ዓርብ መጋቢት 19 ሙሉ ቀንና ቅዳሜ መጋቢት 20 እስከ ቀትር ለመስጠት አቅዶ ነበር እንበል። የሥልጠናው ጠቅላላ ጊዜ 11 ሰዓት ነበር።

ይህ ዕቅድ በወረቀት ላይ ሲታይ ምንም እንከን የለውም፤ ሁለቱም ቀናት የሕዝብ በዓል አይደሉምና። በጥንቃቄ ስናየው ግን የሳምንቱ ስብሰባ ኦርቶዶክሳዊው ከቅዳሴ ወጥቶ እህል በሚቀምስበት፣ ሙስሊሙም በሚደክምበት ሰዓት ላይ ወድቋል። ዓርብ መጋቢት 19 የረመዳን የመጨረሻው ጁምዓ ነው። ቅዳሜ የአድቬንቲስቱ ሰንበት ነው። ከዚህም በላይ ያ ቅዳሜ የረመዳን 29ኛ ቀን ስለሆነ ዒዱ እሑድ መጋቢት 21 ወይም ሰኞ መጋቢት 22 ሊውል ነው፤ ሙስሊሞቹ ሠራተኞች ወደ ቤተሰቦቻቸው ለመሄድ የሚሰናዱበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። ሳምንታዊው ስብሰባ ለጾሙ ወራት ወደ ማክሰኞ ከጧቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ተኩል ይዛወራል፤ አጀንዳው ከዋዜማው በጽሑፍ ከታደለ ሁለት ሰዓት ይወስድ የነበረው ጉዳይ በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃል። ሥልጠናው ደግሞ ሰኞ መጋቢት 8፣ ማክሰኞ መጋቢት 9 እና ሐሙስ መጋቢት 11 ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። የ15 ደቂቃ ዕረፍት ሲቀነስ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ በጠቅላላው 10 ሰዓት ተኩል ይገኛል፤ የጎደለው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ረቡዕ የታለፈበት ምክንያት መጋቢት 10 የመስቀል መታሰቢያ ስለሆነ ነው፤ ያ ዕለት በመንግሥት የሕዝብ በዓላት ዝርዝር ውስጥ ባይገኝም ብዙ ምእመናን ማልደው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። መጋቢት 21 እና 22 ነጻ ይሆናሉ። በሰሙነ ሕማማትም፣ ማለትም ስቅለት ሚያዝያ 10 በሚውልበት ሳምንት፣ ስብሰባ አይጠራም። አስቸኳይ ያልሆነ ሌላ ሥልጠና ቢኖር ከፋሲካ በኋላ ወዳሉት ሃምሳ ቀናት ይተላለፋል፤ በእነዚህ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙምና።

፬. መስተንግዶና ጥያቄ

በዕረፍት ጊዜ ሻይና ቡና የሚቀርብ ከሆነ በስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን በሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ የሚፈልግ ይሄዳል፣ የማይፈልግ በቦታው ያርፋል። የሥልጠና ምሳ ከማዘጋጀት ይልቅ የምሳውን አበል ለሁሉም በእኩል መስጠት ይሻላል፤ እያንዳንዱ በሚበላበት ሰዓት ይበላበታል። ከጾሙ በኋላ በሚደረግ ግብዣም ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ የሌላውን እርድ እንደማይበላ በማስታወስ በዘይት የተሠራ የጾም ምግብ ሳይጓደል ይቅረብ።

ከሁሉ በላይ ግን «የምትጾሙ እጃችሁን አንሡ» ከማለት እንጠበቅ። በእስልምና የታመመ፣ መንገደኛ፣ ነፍሰ ጡርና በወር አበባ ላይ ያለች ሴት በዚያን ጊዜ እንዳይጾሙ ተፈቅዶላቸዋል ወይም ታዝዟል፤ በክርስቲያኖችም ዘንድ የታመመ ሰው አይገደድም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሰውየውን በሰው ፊት ሕመሙን እንዲገልጥ ወይም እንዲዋሽ ያስገድደዋል። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጾም በስውር በአባት ፊት የሚደረግ መሆኑን አስተምሮናል። ሊጠየቅ የሚገባው ስለ ሰውየው ጾም ሳይሆን ስለ ቀኑ ነው፤ ይኸውም የሦስቱን ወራት መርሐ ግብር ረቂቅ ለጥፎ «የማይመቻችሁን ቀን ምክንያት ሳትገልጡ በዚህ ሳምንት ውስጥ ንገሩን» ማለት ነው።

፭. ጉድለቱ በምን ይታወቃል?

ሰዎች ቅሬታቸውን ላይናገሩ ይችላሉ፤ ቃለ ጉባኤው ግን ይናገራል። የሦስት ወር ቃለ ጉባኤዎችን አውጥተን የቀሩትን ስም ብንመለከት በአንድ ቀን ደጋግመው የሚቀሩት የአንድ እምነት ሰዎች ሆነው ከተገኙ ችግሩ የሰዎቹ ስንፍና ሳይሆን የቀኑ አመራረጥ ነው። በሰዓት በኋላ ስብሰባ የተወሰነ ጉዳይ በማግሥቱ እንደ ገና የሚነሣ ከሆነም ምልክቱ ይኸው ነው።

ወሰንም አለው። የክሊኒክ ተረኛ ወይም የድንገተኛ ጉዳይ ጾምን አይጠብቅም። እንዲህ ሲሆን ተራው በሁሉም ላይ ይዙር እንጂ በዒድ የሚሠራው ዘወትር ክርስቲያኑ፣ በፋሲካም ዘወትር ሙስሊሙ ነው ተብሎ ያለ ፈቃዳቸው አይደንገግ። የማይጾመውም የጾመኛውን ሥራ ሁሉ እንዲሸከም አይደረግ። የግድ በማይመች ቀን መሰብሰብ ካስፈለገ ድምፅ የሚሰጥበት ጉዳይ በዚያ ቀን አይወሰን።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 14 ስለ ቀንና ስለ መብል ልዩነት ሲጽፍ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይፈርድ መክሯል። ዳግማዊው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ሌሎች ሃይማኖቶች ባወጣው ሰነድ የሙስሊሞችን ጸሎት፣ ምጽዋትና ጾም በአክብሮት አንሥቷል። ይህ አክብሮት ስብሰባ በምንጠራበት ማስታወቂያ ላይ በምንጽፈው ቀንና ሰዓት ይታያል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምንሠራበት ቦታ ያለፉት ሦስት ወራት ስብሰባዎች በየትኞቹ ቀናትና ሰዓታት ዋሉ? እነማን ቀሩ?
2. በ2019 ዓ.ም. ከየካቲት 1 እስከ ሚያዝያ 24 ባለው ጊዜ ለስብሰባ የሚመቹትን ቀናት በአንድነት ለይታችሁ ጻፉ።
3. በቁምስናችን የሚደረጉ ሥልጠናዎች ምሳ የሚያቀርቡት በስንት ሰዓት ነው? ይህ ለማን አይመችም?