ስለሚገፋና ስለሚሳብ ድምፅ
አየሩ እንዴት እንደሚሠራና ተማሪ እንዴት እንደሚለምደው

ከበሮና ቀበሮ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። በአፍም ሲነገሩ ምላስ ለሁለቱ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ለከም ለቀም የምላስ ሥር ተነሥቶ የላንቃን ኋላ ይዘጋል፥ ሲለቀቅም ድምፁ ይሰማል። ዳሩ ግን አንዱ በበዓል ቀን የሚመታ፥ ሁለተኛው በዱር የሚኖር አውሬ መሆኑን ሰሚው ያለ ጥርጥር ያውቃል። እንግዲህ ልዩነቱ ከምላስ ካልመጣ ከሌላ ስፍራ መምጣቱ ግድ ነው፤ ይኸውም ከማንቁርት ነው።

1. ስለ ማንቁርት

ማንቁርት በአንገት ፊት ለፊት በጣት ሲዳሰስ የሚገኘው ጠንካራ ጉብታ ነው። ከሳምባ የሚወጣው አየር ወደ አፍ ሳይደርስ በእርሱ ውስጥ ያልፋል። በውስጡም የድምፅ አውታር የሚባሉ ሁለት እጥፋቶች አሉ፤ እነርሱም እንደ በር ናቸው። በሩ ሲከፈት ትንፋሽ ያለ ድምፅ ያልፋል፤ ት እና ክ እንዲህ ይነገራሉ። አውታሮቹ ቀስ ብለው ሲገጥሙ አየሩ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ድ እና ግ እንዲህ ይነገራሉ። ፈጽመው ሲዘጉ ግን ምንም አየር አያልፍም፤ ሰው ከባድ ሸክም ሲያነሣ ትንፋሹን የሚይዘው በዚህ በር ነው።

ማንቁርት መዝጋትና መክፈት ብቻ ሳይሆን መውጣትና መውረድም ይችላል። ጣቱን በጉብታው ላይ አኑሮ ምራቁን የሚውጥ ሰው ማንቁርቱ ወደ ላይ ሲወጣ ያገኘዋል፤ ሲያዛጋ ደግሞ ወደ ታች ሲወርድ ያገኘዋል። የሚገፋው ድምፅ ከመውጣቱ፥ የሚሳበውም ድምፅ ከመውረዱ ይገኛል።

2. ስለሚገፋው ድምፅ

በአማርኛ የሚገፉት ድምፆች ጥ፥ ቅ፥ ጭ፥ ጵ፥ ጽ ናቸው። ከእነዚህም ጵ ከውጭ በመጡ ስሞችና ቃላት እንጂ በሌላ ስፍራ እምብዛም አይገኝም፤ ጴጥሮስና ጠረጴዛ እንደሚባሉት ነው።

ጥን ለምሳሌ ብንወስድ ሥራው በአራት ነገር ይፈጸማል። አስቀድሞ የምላስ ጫፍ ከላይ ጥርስ ኋላ ተጣብቆ የአፍን መንገድ ይዘጋል። ሁለተኛ የማንቁርት በር ይዘጋል። እንግዲህ በምላስና በማንቁርት መካከል ጥቂት አየር ከሁለት ወገን ታስሮ ይቀራል። ሦስተኛ የተዘጋው ማንቁርት እስከ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል፤ ስፍራው ስለ ጠበበ የታሰረው አየር ይጨመቃል። አራተኛ ምላስ ድንገት ይለቃል፤ የተጨመቀውም አየር ጠንከር ብሎ ይወጣል። የማንቁርት በር የሚከፈተው ከዚህ ጥቂት ቆይቶ ነው፤ ተከታዩም የአናባቢ ድምፅ ያን ጊዜ ይጀምራል። ይህ የአንጥረኛን ወናፍ ይመስላል፤ ወናፉ ሲጫን በውስጡ ያለው አየር በቀዳዳው ይወጣልና። የሳምባ አየር በዚህ ሥራ አይገባበትም።

መምህሩ ይህን ለተማሪዎች ሊያረጋግጥ ቢወድ እንዲህ ያድርግ። ተማሪው አየር ስቦ፥ ሸክም እንደሚያነሣ ሰው ትንፋሹን ይያዝ። ትንፋሹንም ሳይለቅ ጥ፥ ጥ፥ ጥ፤ ቅ፥ ቅ፥ ቅ ይበል። ድምፆቹ ደኅና ሆነው ይሰማሉ። ዳግመኛ ትንፋሹን እንደ ያዘ ት፥ ት፥ ት ለማለት ቢሞክር አይሆንለትም፤ ወይ ድምፁ ይጠፋል ወይም ወደ ጥ ይለወጣል። ት የሳምባ አየር ይሻልና።

ጽ ከቀሩት በአንድ ነገር ይለያል። ለእርሱ ምላስ መንገዱን ፈጽሞ አይዘጋም፤ አየሩ በጠባብ ቀዳዳ እያፏጨ ይወጣል። የታሰረው አየር ጥቂት ስለ ሆነ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ስን ትንፋሽ እስኪያልቅ ማስረዘም ሲቻል ጽን እንዲሁ ማስረዘም አይቻልም። በብዙ ሰው አፍ ጸሐይ የሚለው ቃል ጠሐይ ሲባል ይሰማል።

3. ስለሚሳበው ድምፅ

አማርኛ የሚሳብ ድምፅ የለውም። በኦሮምኛ ግን አንድ አለ፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ዸ ተብሎ ይጻፋል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በሚጻፍበት በቁቤ ደግሞ ዲና ኤች በተባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ጣምራ ይጻፋል። ሁለት ፊደላት ስለ ታዩ ግን ሁለት ድምፆች አይደሉም፤ ድ እና ህን አከታትሎ የሚያነብ ተማሪ ይስታል። ኦሮምኛ የሚገፉትም ድምፆች ስላሉት ኦሮምኛ ተናጋሪው ሕፃን ሁለቱንም ስልት ከእናቱ ይማራል፤ አፉን በአማርኛ የፈታው ግን የቀረችውን አንዲቱን መልመድ አለበት።

የዸ ሥራ እንዲህ ነው። የምላስ ጫፍ ጥቂት ወደ ኋላ አዘንብሎ ላንቃን ይነካና መንገዱን ይዘጋል። የድምፅ አውታሮች ግን እንደ ጥ ፈጽመው አይዘጉም፤ እንደ ድ ተጋጥመው ይንቀጠቀጣሉ። እየተንቀጠቀጡም ሳሉ ማንቁርቱ ፈጥኖ ወደ ታች ይወርዳል። በምላስና በማንቁርት መካከል ያለው ስፍራ ስለሚሰፋ በውስጡ ያለው አየር ይሳሳል፤ ምላስም ሲለቅ ከውጭ ጥቂት አየር ወደ አፍ ይገባል። ወናፉ ሲከፈት አየር እንደሚስብ ይህም እንዲሁ ነው።

በዚህ ስፍራ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አየር ይሳባል ሲባል በሳምባ ወደ ውስጥ መተንፈስ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ሳምባው ከታች አየር በዝግታ እየላከ አውታሮቹን ያንቀጠቅጣል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው አየር አፍን አልፎ ወደ ደረት አይወርድም። በፈጣን ንግግር የማንቁርቱ መውረድ ትንሽ ስለ ሆነ የሚገባው አየር ኢምንት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ምንም አይገባም። ድምፁን የሚያስለየው አየሩ ወደ ውጭ ተገፍቶ አለመውጣቱና ጥልቅ ሆኖ መሰማቱ ነው።

4. ዸን ስለ ማለማመድ

አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ተማሪ በኦሮምኛ ትምህርት ጊዜ ዺጋ የሚለውን ቃል አገኘ እንበል፤ ትርጓሜው ደም ነው። ተማሪው ዲጋ ብሎ አነበበ። ዲጋም በኦሮምኛ ራሱን የቻለ ቃል ነው፤ ያፈርሳል ማለት ነው። ከእግሩ ደም እንደሚፈስስ ሊናገር የወደደ ልጅ ስለ ፈረሰ ነገር ተናገረ ማለት ነው። መምህሩ ተማሪውን ደጋግሞ ቃሉን ቢያስብለው ብቻ ያው ስሕተት ይደጋገማል፤ ስለዚህ ሥራውን ከፍሎ ያለማምደው።

መጀመሪያ በከንፈር ይጀምር፤ ከንፈር በዓይን ይታያልና። ተማሪው ከንፈሩን ገጥሞ፥ አፍንጫውንም በጣቱ ይዞ፥ ብ ለማለት እንደሚጀምር በውስጥ ያጉረምርም። ጉንጮቹ ይነፋሉ፥ ድምፁም ወዲያው ይቆማል፤ አየሩ መውጫ ስላጣ ነው።

ቀጥሎ ጣቱን በማንቁርቱ ላይ አኑሮ ያንኑ ይድገም፤ ነገር ግን ሲያጉረመርም እንደሚያዛጋ ሰው ማንቁርቱን ወደ ታች ይሳብ። አሁን ጉንጩ አይነፋም፥ ድምፁም ጥቂት ይረዝማል፤ የሰፋው ስፍራ ከሳምባ የሚመጣውን አየር ይቀበላልና። በዚህ መካከል ከንፈሩን ቢከፍት ከጠባብ አፍ ገንቦ ውሃ ሲቀዳ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ይሰማል። ሥራው እንደ ተገኘ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ሦስተኛ ከንፈሩን ትቶ በምላሱ ጫፍ ያንኑ ይሥራ፤ ዸ ይገኛል። አስቀድሞ በሁለት አናባቢ መካከል አዻ፥ አዻ ይበል፤ ድምፁ ከፊት ጀምሮ ስለሚንቀጠቀጥ ይቀልለዋል። ከዚያ በኋላ በቃል መጀመሪያ ዺጋ፥ ዸጋ ይበል፤ ዸጋ ድንጋይ ማለት ነው። በመጨረሻ ሁለት ጊዜ የሚገኝበትን ዸዻ ይበል፤ ቅቤ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይለማመድ፤ ጉሮሮው ይደክማልና።

5. ስሕተትን ስለ መለየት

ሦስት ስሕተቶች ይገኛሉ። በሳምባ አየር የሚስብ ተማሪ ደረቱ ከፍ ይላል፥ ድምፁም እንደ ሹክሹክታ ይሆናል፤ መምህሩ እጁን በደረቱ ላይ እንዲያኖርና ደረቱን ሳያነሣ እንዲናገር ይዘዘው። ሁለተኛው ማንቁርቱን የሚዘጋ ነው፤ የእርሱ ድምፅ ወደ ጥ ያደላል፥ ዺጋም ጢጋ ይሆናል። በጣቱ ቢዳስስ መንቀጥቀጥ አያገኝም፥ ማንቁርቱም ወደ ላይ ይሄዳል። ይህን ወደ ከንፈሩ ልምምድ ይመልሰው። ሦስተኛው ተራ ድ የሚል ነው፤ መንቀጥቀጡን ያገኛል፥ ማንቁርቱ ግን ከስፍራው አይወርድም። እርሱን በማዛጋት ማንቁርቱን ማውረድ እንደ ገና ያለማምደው።

አፍ ሳይቀና ጆሮ መቅናት ይገባዋል። ስለዚህ በክፍሉ ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጅ ቢኖር፥ ጀርባውን ለተማሪዎች ሰጥቶ ዺጋና ዲጋ የሚሉትን እንደ ወደደ እያቀያየረ አሥር ጊዜ ይበል። የሚሰሙት ለደም እጃቸውን ያንሡ፥ ለማፍረስ ዝም ይበሉ። ከአሥሩ ዘጠኙን የለየ ወደ መናገር ይለፍ፤ ያልለየ ገና ይስማ። ኋላም ተራው ይገለበጥና የሚማረው ይናገር፥ ኦሮምኛ ተናጋሪው ልጅ እጁን ያንሣ። እጁ ያለ ስፍራው ቢነሣ ስሕተቱ የተናጋሪው ነው። በዚህ ነገር ከመጽሐፍም ከመምህርም ይልቅ ቋንቋውን ከእናቱ የሰማ ልጅ ፍርድ ይበልጣል።

ጥያቄ

ሀ. ትንፋሹን የያዘ ሰው ጥ ለማለት ሲችል ት ለማለት የማይችለው ስለ ምንድር ነው?
ለ. ጽን እንደ ስ ማስረዘም የማይቻለው ስለ ምን ነው?
ሐ. ጥ እና ዸ ሲነገሩ ማንቁርት በየትኛው ይወጣል፥ በየትኛው ይወርዳል? በጣትህ ዳስሰህ መልስ።
መ. አንድ ልጅ ዺጋን ሲያነብ ደረቱ ቢነሣ ስሕተቱ ምንድር ነው? በምንስ ይታረማል?