ድጋፉ ሲሰምጥ ሞመንቱ ወዴት ይሄዳል?

በዚህ እትም የጥናት ገጻችን የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎችን ብዙ ጊዜ የሚያወዛግብ አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። በሦስት ድጋፎች ላይ ያረፈን ተከታታይ ቢም በሦስት ሞመንት ቀመር መፍታት አብዛኞቻችንን አይከብደንም። ጥያቄው ላይ «መካከለኛው ድጋፍ 10 ሚሊሜትር ሰምጧል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨመር ግን እስክሪብቶው ይቆማል። ምልክቱ ፕላስ ነው ወይስ ማይነስ? እስካሁን ያልፈለግነው EI አሁን ለምን አስፈለገ? ቀመሩ ምን እንደሚል ከገባን ሁለቱም ጥያቄዎች አንድ ላይ ይመለሳሉ።

ምሳሌያችን ይህ ነው። ድጋፎቹን ከግራ ወደ ቀኝ A፣ B እና C እንበላቸው። ከA እስከ B ያለው ስፓን 6 ሜትር ሲሆን በሙሉ ርዝመቱ ላይ በእያንዳንዱ ሜትር 20 ኪሎኒውተን የተዘረጋ ጭነት አለበት። ከB እስከ C ያለው ደግሞ 4 ሜትር ሲሆን ልክ መሃሉ ላይ 60 ኪሎኒውተን ነጠላ ጭነት አርፎበታል። ሁለቱ ጫፎች ለመዞር ነጻ ስለሆኑ እዚያ ሞመንት የለም። ቢሙ ብረት ነው፤ E 200 ጊጋፓስካል፣ I ደግሞ 12,000 cm⁴ ነው። የታችኛውን የቢሙን ፊት የሚለጥጠውን ሞመንት (ሳጊንግ) ፕላስ፣ የላይኛውን የሚለጥጠውን (ሆጊንግ) ማይነስ እንላለን።

የማናውቃቸው ሪአክሽኖች ሦስት ናቸው፤ የሚዛን እኩልታዎች ግን የሚሰጡን ሁለት ብቻ ነው። የጎደለውን አንድ እኩልታ የምናገኘው ቢሙ B ላይ ያልተቆረጠ አንድ አካል ከመሆኑ ነው። እስቲ በሐሳባችን እንቁረጠውና ምን እንደሚሆን እንይ። ሁለት ተራ ቢሞች ይሆናሉ፤ ሁለቱም በየጭነታቸው መሃላቸው ወደ ታች ይረግባል፣ B ላይ የተገናኙት ጫፎቻቸውም ይዞራሉ። በመዞራቸው ምክንያት ከላይ በኩል በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል። የግራው ጫፍ የሚዞርበት አንግል wL³/24EI ነው፤ ይኸውም 180/EI። የቀኙ ደግሞ PL²/16EI ነው፤ ይኸውም 60/EI። ክፍተቱ በድምሩ 240/EI ራዲያን ሆነ ማለት ነው።

እውነተኛው ቢም ግን ክፍተት የለውም። ስለዚህ B ላይ ያለው ሞመንት የሁለቱን ጫፎች የላይኛውን ክፍል ስቦ ክፍተቱን መዝጋት አለበት። ሞመንቱ እያንዳንዱን ጫፍ በ ML/3EI ያህል ይመልሰዋል፤ ለሁለቱም ስፓኖች ሲደመር 10M/3EI ነው። ይህ ከ240/EI ጋር እኩል ሲሆን M 72 ኪሎኒውተን ሜትር ይወጣል፤ ላይኛውን ስለሚለጥጥ ማይነስ 72 እንጽፈዋለን። EI በሁለቱም በኩል ስላለ መጨረሻ ላይ ተሰርዟል። ድጋፎቹ ካልሰመጡ ቢሙ ከብረትም ይሁን ከእንጨት፣ EI በሙሉ ርዝመቱ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ መልሱ ያው ነው።

በ1857 ክላፔይሮን ያቀረበው ቀመር ይህንኑ ክፍተት የመዝጋት ሥራ በአንድ መስመር ይጽፈዋል። የድጋፎች ከፍታ መለያየትን በ1860 የጨመረበት ኦቶ ሞር ነው። ለእኛ ቢም ሙሉው እንዲህ ይሆናል፦

```
M_A·L1 + 2·M_B·(L1 + L2) + M_C·L2
  = - w·L1³/4 - 3·P·L2²/8
    + 6·E·I·[ (dB - dA)/L1 + (dB - dC)/L2 ]
```

dA፣ dB እና dC እያንዳንዱ ድጋፍ ወደ ታች የወረደበት መጠን ነው። M_A እና M_C ዜሮ ስለሆኑ በግራ በኩል የሚቀረው 20·M_B ብቻ ነው። የጭነቱ ክፍል 1080 ሲደመር 360፣ በድምሩ ማይነስ 1440 ይሰጣል። ድጋፎቹ ባሉበት ከቆሙ M_B ማይነስ 72 ነው፤ በክፍተቱ መንገድ ካገኘነው ጋር አንድ ነው።

አሁን B 10 ሚሊሜትር ይስመጥ። ወደ ተቆረጠው ቢም እንመለስ። የሁለቱም ቢሞች የB ጫፍ ወደ ታች ሲወርድ ቢሞቹ ወደ B ያዘነብላሉ፤ ከላይ ያሉት ጠርዞቻቸውም እርስ በርስ ይቀራረባሉ። ማለትም መስመጡ ጭነቱ የከፈተውን ክፍተት በከፊል ራሱ ይዘጋዋል። ምልክቱ የጭነቱ ተቃራኒ፣ ማለትም ፕላስ የሆነው ለዚህ ነው። በቁጥር ስናየው ጭነቱ የከፈተው 240/24,000፣ ማለትም 0.010 ራዲያን ነበር። መስመጡ የሚዘጋው 0.01/6 ሲደመር 0.01/4፣ ወደ 0.0042 ራዲያን ገደማ ነው። ለሞመንቱ የሚቀረው ሥራ 0.0058 ብቻ ነው። EI የማይሰረዘውም እዚህ ላይ ነው፤ የጭነቱ አንግል በEI ይካፈላል፣ የመስመጡ አንግል ግን የጂኦሜትሪ ጉዳይ ስለሆነ ቢሙ ከምን እንደተሠራ አይጠይቅም።

ቀመሩ ውስጥ ከማስገባታችን በፊት ዩኒቱን እናስተካክል፤ ብዙ ነጥብ የሚጠፋው እዚህ ነው። ሁሉንም ወደ ኪሎኒውተንና ሜትር እናምጣ።

```
E  = 200×10⁶ kN/m²
I  = 12,000×10⁻⁸ m⁴ = 1.2×10⁻⁴ m⁴
EI = 24,000 kN·m²
dB = 0.010 m

20·M_B = -1440 + 6·24,000·(0.010/6 + 0.010/4)
20·M_B = -1440 + 600
M_B    = -42 kN·m
```

10 ሚሊሜትርን 10 ብሎ ያስገባ ሰው 600 የነበረው 600,000 ይሆንበታል፤ ይህ ወዲያው ያስታውቃል። አደገኛው I በሴንቲሜትር ሲሰጥ በአሥር እጥፍ መሳት ነው፤ ከ600 ይልቅ 60 ይወጣና ምንም ሳያስጠረጥር ያልፋል።

B ላይ ያለው ሞመንት ከ72 ወደ 42 ስለቀነሰ «ታዲያ መስመጡ ጠቀመን» የሚል ይኖራል። ስፓኖቹን እንይ። ድጋፎቹ ሳይሰምጡ ሪአክሽኖቹ A ላይ 48፣ B ላይ 120፣ C ላይ 12 ኪሎኒውተን ነበሩ። ከሰመጠ በኋላ 53፣ 107.5 እና 19.5 ሆኑ። ድምሩ በሁለቱም ጊዜ 180 ነው፤ ጭነቱ አልተለወጠም፣ የተሸካሚዎቹ ድርሻ ነው የተለወጠው። በግራው ስፓን ከፍተኛው ሳጊንግ ሞመንት ከ57.6 ወደ 70.2 አደገ። በቀኙ መሃል ደግሞ ከ24 ወደ 39 ዘለለ፤ ይህ ከ60 በመቶ በላይ ጭማሪ ነው። ከድጋፉ ላይ የቀነሰው ሞመንት ወደ ስፓኖቹ ሄዷል እንጂ አልጠፋም።

መልሳችሁን ለመፈተሽ ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ። በዚህ ቢም B በሰመጠ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር M_B ላይ ፕላስ 3 ይጨመራል፤ A ሲሰምጥ ማይነስ 1.2፣ C ሲሰምጥ ማይነስ 1.8። ሦስቱ ሲደመሩ ዜሮ ናቸው፤ መሆንም አለባቸው፣ ምክንያቱም ሦስቱም ድጋፎች እኩል ቢወርዱ ቢሙ እንዳለ ይወርዳል እንጂ አይታጠፍም። ሁለተኛው፦ A ዜሮ፣ B 6፣ C 10 ሚሊሜትር ቢወርዱ ድጋፎቹ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ስለሚቀሩ የመስመጡ ክፍል አሁንም ዜሮ መሆን አለበት። በቅንፉ ውስጥ አስገቡት፤ 6/6 እና (6−10)/4 ይጣፋሉ። የጻፋችሁት ቀመር ይህን ካልሰጠ ምልክት ተሳስቷል።

ከፈተናው ውጭ ደግሞ ይህ ነጥብ አለ። ድጋፉ ሊሰምጥ ይችላል ብሎ የሰጋ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቢሙን ማግዘፍ ነው። I በእጥፍ ቢያድግ የመስመጡ ሞመንት ከ30 ወደ 60 ያድጋል፤ M_B ማይነስ 12 ይሆናል፣ የግራው ስፓን ሞመንትም 84 ይደርሳል። ጠንካራ ቢም መታጠፍን ስለሚቃወም፣ በግድ ሲታጠፍ የሚፈጠርበት ሞመንትም ያን ያህል ትልቅ ነው። ከመስመጥ የሚመጣው ስትረስ I ጨርሶ አይገባበትም፤ የሚወስኑት E እና የቢሙ ቁመት ናቸው። ስለዚህ ቁመቱን በመጨመር ከመስመጥ ማምለጥ አይቻልም፤ መፍትሔው ያለው መሠረቱ ላይ ነው።

በአገራችን ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ደጋማ ቦታዎች ብዙ ሕንፃ የሚያርፍበት ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከሕንፃው መሃል ይልቅ በዙሪያው ያለው አፈር ከወቅቱ ጋር ቶሎ ይለዋወጣል። በበጋ ጠርዞቹ ሲወርዱ በእኛ ቢም A እና C ሰመጡ ማለት ነው፤ ይህም B ከመነሳት ጋር አንድ ነው። ሁለቱም 10 ሚሊሜትር ቢወርዱ M_B ማይነስ 102 ይሆናል። በክረምት በተቃራኒው ጠርዞቹ በዚያው መጠን ቢያብጡ ማይነስ 42 ይሆናል። ስለዚህ ዲዛይነሩ ለB የላይኛ ፊት 102ን፣ ለስፓኖቹ ደግሞ 70.2 እና 39ን መያዝ አለበት፤ አንዱን ወቅት ብቻ መርጦ ማስላት አይበቃም።

ቀመሩ የሚቆምበት ወሰንም እዚሁ ይታያል። A እና C 16 ሚሊሜትር ሲወርዱ M_B ማይነስ 120 ይደርሳል፣ የC ሪአክሽንም ዜሮ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ቢሙ C ላይ ካልታሰረ ከድጋፉ ይለቃል። ቀመሩ የማይነስ ሪአክሽን ቁጥር መስጠቱን ይቀጥላል፤ ድጋፉ ግን ቢሙን ወደ ታች መሳብ አይችልም። ቢሙ ኮንክሪት ከሆነ ደግሞ ሲሰነጠቅ EI ይቀንሳል፤ መስመጡ በወራትና በዓመታት ቀስ ብሎ ከመጣም ኮንክሪቱ በክሪፕ ስለሚላላ እውነተኛው ሞመንት ከቀመሩ ያነሰ ይሆናል። ብረት ላይ ይህን ቅናሽ አትጠብቁ።

ለልምምድ፦ በዚሁ ቢም A 6፣ B 10 ሚሊሜትር ቢሰምጡ፣ C ባለበት ቢቆም M_B ስንት ነው? መልሱ ማይነስ 49.2 ኪሎኒውተን ሜትር ነው። በቀመሩም፣ ከላይ ባየናቸው በየሚሊሜትሩ ቁጥሮችም ሠርታችሁ አስተያዩት።