ምዕራፍ 4፦ አንበጣና አቀንጭራ፤ ወቅታዊና ዘላቂ ርዕስ እንዴት ይመረጣል?

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ራያ ቆቦን ሲወር ማሽላው ገና ከማሳ አልተነሳም ነበር። በዚያ ሳምንት ለቆቦ አርሶ አደር የሬዲዮ ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ሰው ሌላ ርዕስ ቢያነሳ ማን ይሰማዋል? አርሶ አደሩ ማወቅ የሚፈልገው መንጋው የት እንዳደረና ወዴት እንደሚያመራ ነው። ይህ ወቅታዊ ርዕስ ነው። መንጋው በአንድ ቀን 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሚጓዝ፣ ጠዋት የተነገረው መረጃ ማታ ሰው ሊያሳስት ይችላል።

በዚያው ማሳ አቀንጭራ የሚባል አረምም አለ። ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን ይመጥጣል፤ ጉዳቱንም የሚጀምረው ገና ከአፈር ብቅ ሳይል ነው። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። አቀንጭራ እንደ አንበጣው ዜና አይሆንም፤ ጥያቄው ግን በየዓመቱ ይመለሳል። ዘላቂ ርዕስ የምንለው ይህን ነው።

ዘላቂ ርዕስም ቢሆን ያረጃል፤ የሚያረጀው ግን በከፊል ነው። «አቀንጭራን ሳያብብ ንቀሉት» የሚለው ምክር አይለወጥም። አቀንጭራን ይቋቋማሉ የተባሉት እንደ ጎቢዬና አብሽር ያሉ ዝርያዎች ስም፣ የዘሩ ዋጋና የሚገኝበት ቦታ ግን ይለወጣሉ። አድማጭ «ያላችሁት ዘር የለም» እያለ መመለስ ከጀመረ ዝግጅቱ አርጅቷል። ስለዚህ ተለዋዋጩን መረጃ በመሃል አትበትኑት፤ መጨረሻ ላይ ለብቻው አስቀምጡትና በየዓመቱ እሱን ብቻ አድሱ።

ዘላቂ ርዕስ የራሱ ወር አለው። የዘር ምርጫ የሚነገረው ከዘር ወቅት በፊት ነው፤ ስለ ነቀላው ደግሞ አቀንጭራው ብቅ በሚልበት በክረምቱ አጋማሽ። ነቀላውን ኅዳር ላይ ብታስተላልፉት ምክሩ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚጠቀምበት አይኖርም፤ ዘሩ ተበትኖ አልቋል።

ከወቅታዊው ርዕስም የሚተርፍ ነገር አለ። የአንበጣውን ዝግጅት ሁለት ቦታ ክፈሉት። የመንጋው መገኛ ቀን ተጽፎበት ይተላለፍ፤ ወረራው ሲያልፍ ይነሳ። ኩብኩባ ክንፍ ስለሌለው ከመብረሩ በፊት መቆጣጠር እንደሚቀል፣ መንጋው ሌሊት አርፎ ፀሐይ ሲሞቅ እንደሚነሳ የሚያስረዳው ክፍል ግን ለሚቀጥለው ወረራ ይቀመጥ።

ለመጀመር ያህል በወር አራት ፕሮግራም ካላችሁ ሦስቱን ለዘላቂ ርዕሶች በየወራቸው መድቡ፤ አንዱን ባዶ ተዉት። ወረራ ወይም የዝናብ መዘግየት ሲመጣ ባዶው ቦታ ይሞላል። ምንም ካልመጣ፣ ከዘላቂዎቹ መካከል መረጃው የተለወጠውን አድሳችሁ አስተላልፉበት። አዲስ ርዕስ ሲቀርብላችሁም «ይህን በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ወር የሚጠይቅ ሰው ይኖራል?» በሉ። መልሱ አዎ ከሆነ ወሩን ፈልጉለት፤ አይ ከሆነ ዛሬውኑ አስተላልፉት።