ዲቴክተሩ «የማሽን ጽሑፍ ነው» ሲል፦ ተማሪ ከመክሰስዎ በፊት የሚሠራ ስሌት

ከቀየት፣ ከሞላሌ ወይም ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ አሳይመንቱን የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ ጽሑፉን በዲቴክተር ቢያስፈትሸውና መሣሪያው «ይህ የቻትጂፒቲ ሥራ ነው» ቢል፣ ተማሪው ጥፋተኛ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? ብዙ ሰው የመሣሪያውን ትክክለኛነት አይቶ «95 በመቶ» ይላል። መልሱ ግን በክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው እንዳጭበረበረ ካልታወቀ አይገኝም።

መጀመሪያ እስክሪብቶ ያንሡና ክፍሉን ለሁለት ይክፈሉት። ለምሳሌ 400 ተማሪዎች አሉ እንበል፤ በማሽን ያስጻፉት 20 ብቻ ናቸው፣ የቀሩት 380 ግን ራሳቸው ጽፈዋል። መሣሪያው ካጭበረበሩት 90 በመቶውን ይይዛል፣ ከሐቀኞቹ ደግሞ 5 በመቶውን በስሕተት ይጠረጥራል። ስለዚህ ከ20ው 18ቱ ይያዛሉ፤ ከ380ው ደግሞ 19 ንጹሐን አብረው ይያዛሉ። ጠቅላላ የተጠረጠሩት 37 ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ምንም አላጠፉም። መሣሪያው አልተበላሸም። ሐቀኞቹ እጅግ ብዙ ስለሆኑ ጥቂቱ ስሕተት ሲባዛ ከጥፋተኞቹ ቁጥር በለጠ እንጂ።

አሁን በዚያው ክፍል 160 ተማሪዎች እንዳጭበረበሩ አድርገው እንደገና ያስሉ። 144 ጥፋተኞችና 12 ንጹሐን ይያዛሉ። መሣሪያው ያው ነው፤ የውጤቱ ትርጉም ግን ሌላ ሆነ። ስለዚህ ከመፈተሽዎ በፊት «በዚህ ክፍል ስንት ሰው አጭበርብሯል ብዬ እገምታለሁ?» ብለው በጽሑፍ ያስፍሩ። ውጤቱን ካዩ በኋላ የሚሰጥ ግምት ወደ ውጤቱ ያዘነብላል። እርግጠኛ ካልሆኑ በዝቅተኛውም በከፍተኛውም ቁጥር ያስሉት።

ቀጥሎ የስሕተቱን መጠን ራስዎ ይለኩ፤ ሻጩ የሚናገረው ቁጥር የእርስዎን ተማሪዎች ላይመለከት ይችላል። ዲቴክተሮች በአብዛኛው የሚመዝኑት ቃላቱ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚገመቱ ነው። በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው ደግሞ የተለመዱ ቃላትንና አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን ያዘወትራል። በ2023 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች በሰባት ዲቴክተሮች ሲፈትሹ፣ በአማካይ 61 በመቶ የሚሆኑት በስሕተት የማሽን ተብለው ነበር። በመጀመሪያው ምሳሌያችን የስሕተቱ መጠን ከ5 ወደ 20 በመቶ ቢወጣ እንኳ 76 ንጹሐን ከ18 ጥፋተኞች ጋር ይያዛሉ፤ ከአምስት ተጠርጣሪ አራቱ ንጹሕ ነው ማለት ነው።

ለመለካት ቀላሉ መንገድ የድሮ ወረቀት ነው። ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የተከፈተው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በ2014 ዓ.ም. እና ከዚያ በፊት ተማሪዎችዎ ያስረከቡትን ተመሳሳይ ሥራ 100 ያህል ይሰብስቡ፤ ስማቸውን አጥፍተው ያስፈትሹ። ከእነዚህ መካከል «የማሽን» የተባለ ሁሉ ስሕተት ነው። አንድም ባይያዝ ስሕተቱ ዜሮ ነው ብለው አይደምድሙ፤ ከ100 ወረቀት ዜሮ ሲገኝ ትክክለኛው መጠን እስከ 3 በመቶ ሊደርስ ይችላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ የተጠረጠረውን ወረቀት በሁለተኛ ዲቴክተር ደግመው ይፈትሹና «ሁለቱም ተስማሙ» ይላሉ። ሁለቱም የሚሳሳቱት ያንኑ ቀላልና ተገማች አጻጻፍ ሲያዩ ስለሆነ፣ የሁለተኛው ድምፅ እንደ አዲስ ምስክር አይቆጠርም። አዲስ ምስክር ከሌላ አቅጣጫ መምጣት አለበት። ረቂቁንና የፋይሉን የለውጥ ታሪክ ይጠይቁ፤ በክፍል ውስጥ በእጁ የጻፈውን ያስተያዩ፤ ከወረቀቱ አንድ አንቀጽ መርጠው «ይህን ለምን እንዲህ አልክ?» ብለው በቃል ያነጋግሩት። መልሱን በአማርኛ እንዲሰጥ ይፍቀዱለት፤ የሚፈተነው ሐሳቡ እንጂ እንግሊዝኛው አይደለምና። የፈራ ተማሪም ሊንተባተብ ስለሚችል፣ አንድ መልስ ብቻውን አይበቃም።

አሜሪካ የሚገኘው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲም ተመሳሳይ የስሕተት ስሌት ሠርቶ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. 75,000 ወረቀቶች በቱርኒቲን አልፈው ስለነበር፣ ኩባንያው የሚናገረው የ1 በመቶ ስሕተት እንኳ 750 ያህል ወረቀቶችን በሐሰት ሊያስጠረጥር ይችል ነበር። ዩኒቨርሲቲው በነሐሴ ወር 2023 እ.ኤ.አ. የማሽን ጽሑፍ መለያውን ዘጋው።

ጉዳዩን ለዲፓርትመንት ካቀረቡም የመሣሪያውን መቶኛ ብቻ አይጻፉ። የተፈተሹት ስንት፣ የተጠረጠሩት ስንት፣ በድሮ ወረቀቶች ላይ የተገኘው ስሕተት ስንት እንደሆነ አብረው ያስፍሩ። ከዲቴክተሩ ውጪ ሌላ ማስረጃ ከሌለዎት ግን ክሱን አያቅርቡ።